ቤልጅግ ነው ወይስ የአደን? የድሮ የጦር ጠመንጃን ከአደን ኮፒው ስለመለየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ሰደፍና የጠመንጃ እንጨት መስራት ከአባቴ የተማርኩት ሙያ ነው። ፈቃድ ያለው ጠመንጃ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ወይ ሲበሰብስ እኔ ጋ ይመጣል፣ ከመንዝም ከጣርማበርም ከአንኮበርም ማለት ነው። እንጨቱን ስፈታ ብረቱን በደንብ አየዋለሁ፣ ባለቤቱም ቆሞ "እስኪ ይሄ የጦር ነው የአደን?" ሳይለኝ አይሄድም። ያው ጥያቄው አንድ አይነት ስለሆነ መልሱን እዚህ ፃፍኩት። ስለ ሁሉም ጠመንጃ አይደለም ማወራው፣ በብዛት እኛ አካባቢ "ቤልጅግ" ስለሚባለው ማለትም ኤፍ ኤን የሚባለው የቤልጅግ ፋብሪካ በማውዘር 98 ዲዛይን ስለሰራው ነው። መጨረሻ ላይ ስለ ውጅግራ ትንሽ አለ።

"የአደን ኮፒ" ሲባል ምን ማለት ነው? ፎርጅድ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ፎርጅድ አይደለም። ሶስት ነገር ነው ሰው የሚያደባልቀው። አንደኛው ለወታደር ተብሎ ተሰርቶ እስካሁን እንደዛው ያለ የጦር ጠመንጃ ነው። ሁለተኛው ያው ፋብሪካ ያንኑ ማቀባበያ ይዞ ግን ከመጀመሪያውኑ ለአዳኝ ብሎ የሰራው ነው፣ ቀለል ያለ፣ እንጨቱ አጭርና ያጌጠ። ሶስተኛው ደግሞ ሰውን በጣም የሚያሳስተው ነው፣ የጦር ሆኖ ተሰርቶ ኋላ ላይ አንድ ሰው እንጨቱን ቆርጦ ኢላማውን ነቅሎ የአደን ያስመሰለው። ሁለተኛውና ሶስተኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ከሩቅ ስታዩዋቸው መንታ ናቸው። እኔ ጋ ከሚመጣው ክርክር አብዛኛው እነዚህን ሁለቱን መለየት ላይ ነው።

ከማየቴ በፊት ምን ላድርግ?

ጥይት እንደሌለው ራሳችሁ አረጋግጡ፣ "ሃያ አመት አልተተኮሰም ባዶ ነው" ያላችሁን ሰው አትመኑ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ጣታችሁ ቃታው ላይ አይሁን፣ ማቀባበያውን ወደ ላይ አንስታችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቡት። ከዛ ሁለት ቦታ እዩ፣ ጥይት የሚገባበት የአፈሙዙ ቂጥና ከስር ያለው አምስት ጥይት የሚይዘው ካዝና። አይታችሁ ብቻ አትተዉት፣ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ፣ ምክንያቱም የድሮ ቀለህ ጠቁሮ ከብረቱ ጋር አንድ ይመስላል። እኔ ራሴ ከጆንያ የወጣ ጠመንጃ ውስጥ በጣቴ ያገኘሁት ጥይት አለ፣ ባይኔ አላየሁትም ነበር።

ከዚህ በታች "ቤቱ" ስል ማቀባበያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበትን፣ አፈሙዙም ከፊት የሚታሰርበትን ወፍራም ብረት ማለቴ ነው። ሌላ ከባድ ቃል አልጠቀምም።

ጎኑ ላይ በፈረንሳይኛ "የጦር መሳሪያ" የሚል ፅሁፍ አለው። በቃ የጦር ነው አይደል?

አይደለም! ይሄን ጥያቄ በሳምንት አንዴ ሳልሰማ አላልፍም። ቤቱ ጎን ላይ "ፋብሪክ ናሲዮናል ዳርም ደ ጌር፣ ኤርስታል፣ ቤልጅክ" ይላል፣ ትርጉሙ ኤርስታል፣ ቤልጅግ ያለው ብሄራዊ የጦር መሳሪያ ፋብሪካ ማለት ነው። እሱ የፋብሪካው ስም ነው እንጂ የጠመንጃው አይነት አይደለም። ፋብሪካው በ1889 እንደ ፈረንጅ ሲመሰረት ለቤልጅግ ጦር ማውዘር ሊሰራ ስለነበር ስሙ እንደዛ ሆነ፣ ከዛ በኋላ ግን ዳክዬ መምቻ የብራውኒንግ ጠመንጃም ላይ፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ሽጉጥም ላይ ያንኑ ስም መቶበታል። ስለዚ ይሄ ፅሁፍ የሚነግራችሁ ማን እንደሰራው ብቻ ነው።

በተመሳሳይ ዘውድ ያለባት ሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሶስት የላቲን ፊደሎች ካያችሁ እሷ የሊየዥ ከተማ የፍተሻ ቤት ማህተም ናት። ጠመንጃው ከፍ ባለ ግፊት ተተኩሶ ተፈትሾ አልፏል ማለት ነው። አንዳንዱ "ይቺ የሲቪል ማህተም ናት ስለዚ የአደን ነው" ይላል፣ እሱም ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም ሊየዥ አካባቢ ተሰርቶ ለውጭ አገር መንግስት የተሸጠ የጦር ጠመንጃም እዛው ስለሚፈተሽ ይቺው ማህተም ትኖረዋለች። ፊደልና ማህተም ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ከየት ልጀምር?

ከብረቱ ቅርፅ። ፊደል ይፋቃል ይጨመራል፣ ቅርፅ ግን ለመደበቅ ከባድ ነው፣ ቢደበቅም ጠባሳ ይተዋል። ሶስት ቦታ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

መጀመሪያ አፈሙዙ። የጦር ማውዘር አፈሙዝ ከቤቱ ተነስቶ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየቀጠነ አይደለም የሚሄደው፣ እንደ ደረጃ ነው የሚወርደው፣ አንድ ውፍረት ትንሽ ይሄድና ቀጥ ብሎ ወደሚቀጥለው ቀጭን ይወርዳል። ጥፍራችሁን ከኋላ ወደ ፊት ስትጎትቱት ደረጃው ላይ ሲደርስ ጠብ ይላል። ወታደሩ ጋ እያለ ይሄ ደረጃ አይታይም፣ ከስር ረጅሙ እንጨት ከላይ ደግሞ የእጅ መከላከያው እንጨት ሸፍኖታል፣ ማንም አያየውም ተብሎ ስለተሰራ ማሳመር አላስፈለገም። ለአደን የተሰራው ግን አፈሙዙ ራቁቱን ስለሚታይ ከወፍራም ወደ ቀጭን እንደ አርጩሜ ለስልሶ ነው የሚሄደው። እንግዲህ እንጨቱ አጭር ሆኖ አፈሙዙ ደረጃ ካለው ያ ጠመንጃ የተቆረጠ የጦር ነው የሚለው ሚዛን ይደፋል።

ሁለተኛ የቤቱ ግራ ጎን። ማቀባበያውን ወደ ኋላ ሳቡና ከላይ ወደ ውስጥ እዩ፣ የጦሩ ላይ በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ግማሽ ጨረቃ መስሎ ወደ ታች ተቆርጧል። ወታደሩ አምስት ጥይት ከቆርቆሮ መያዣው በአውራ ጣቱ ወደ ካዝናው ሲገፋ ጣቱ እንዲገባበት የተተወ ቦታ ነው። ጉድጓዱ ከሌለና ግድግዳው ቀጥ ብሎ ከሄደ ለአደን የተሰራ ቤት ነው ለማለት ጠንካራ ምልክት ነው፣ ኤፍ ኤን ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ ለአደን የሰራቸው በብዛት እንደዛ ናቸው። ተቃራኒው ግን አይሰራም፣ ጉድጓዱ መኖሩ ብቻውን የጦር አያደርገውም፣ ከዛ በፊት የተሰሩ የአደኖችም ላይ ስለሚገኝ።

ሶስተኛ የጥይት ቆርቆሮው የሚቆምበት። ከጉድጓዱ ትንሽ ወደ ኋላ፣ የቤቱ የኋላ ድልድይ ላይ ጆሮ የመሰለ ከፍታ አለ፣ መሃሉ ቆርቆሮው የሚሰካበት ስንጥቅ ነው። አዳኝ ጥይቱን አንድ አንድ ስለሚያጎርስ ብዙ የአደን ቤት ላይ ይሄ ጆሮ የለም፣ ድልድዩ ለስላሳ ክብ ነው። የተቆረጠ የጦር ከሆነ ደግሞ ጆሮው ተሞርዶ ታገኙታላችሁ፣ የማነጣጠሪያ መነፅር እንዲቀመጥበት ብለው ነው የሚሞርዱት። የፋብሪካ ክብነትና የሞረድ ክብነት አንድ አይደለም፣ የስልካችሁን መብራት በጎን አብሩበት፣ የተሞረደው ላይ ብርሃኑ ይሰባበራል፣ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ብሎ ይታያል።

እንጨቱስ? አንተ የእንጨት ሰው ነህ

እንጨት እወዳለሁ ግን ማስረጃነቱ ሁለተኛ ነው፣ ምክንያቱም ይቀየራል። የጦሩ እንጨት ሙሉ ሲሆን አፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ድረስ ይደርሳል፣ ሁለት የብረት ቀለበት ያስረዋል፣ የፊተኛው ቀለበት ስር ሳንጃ የሚሰካበት ብረት አለ፣ ከስሩ የመወልወያ ዘንግ መግቢያ ቀዳዳ አለ። ጠቅላላ ቁመቱ በሜትር ስትለኩት የቤልጅጉ ሞዴል 24 ወይም 24/30 አጭር ጠመንጃ 110 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ አፈሙዙ ብቻ ደግሞ 59 ሳንቲሜትር አካባቢ። የአደኑ እንጨት ግማሽ ላይ ይቆማል፣ መያዣው ላይ እጅ እንዳያንሸራትት መረብ መረብ ተቀርፆበታል፣ አንዳንዱም ሁለት ቃታ አለው፣ አንዱ ሌላኛውን የሚያቀልለት ማለት ነው። ሁለት ቃታ ያለው የወታደር ማውዘር አይቼ አላውቅም።

የተቆረጠውን እንጨት እንዴት ነው የምለየው ካላችሁ፣ የጦር እንጨት ሲቆረጥ የመወልወያ ዘንጉ ቦይ ከስር ይቀራል። ጫፉን ፊት ለፊት እዩት፣ ቀዳዳ ወይ በሌላ እንጨት የተደፈነ ክብ ካለ ያ እንጨት አንድ ጊዜ ረጅም ነበር። ሌላው የቀለበቱ ቦታ ነው፣ ቀለበቱ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ እንጨቱ ላይ ትንሽ ደረጃ ይተውለታል፣ ቀለበቱ ቢጠፋም ደረጃው አለ፣ በደንብ ካልላጉት በስተቀር። የላጉትም ቢሆን ሰደፉ ጋ ሲደርሱ ስለሚሰለቻቸው የሰደፉ ብረት ስር ያለው ቁጥር ይተርፋል።

የማቀባበያው እጀታ ወደ ታች መታጠፉን አትዩት። የጀርመኑ ካር 98 ወታደርም ሆኖ ታጥፏል፣ የቤልጅጉ ብዙውን ቀጥ ያለ ነው፣ ቀጥ ያለውን ደግሞ ማንም ብየዳ ቤት አጥፎ ይሰጣችኋል።

የይሁዳ አንበሳ ያለበት ከሆነ የጃንሆይ ነው አይደል? አንበሳውን አስመስለው ይቀርፃሉ ይባላል

የይሁዳ አንበሳ የተመታበት ቤልጅግ እውነት አለ፣ መንግስት ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት አመታት ከኤፍ ኤን ያስመጣው ነው፣ ያኔ የክብር ዘበኛንም የሚያሰለጥኑት ቤልጅጎች ነበሩ። አንበሳው ያለው ቤቱ ፊት ላይ ከላይ፣ አፈሙዙ ከሚታሰርበት ክብ ላይ ነው። አስመስሎ መቅረፅም አለ፣ ያሳዝናል ግን አለ።

እንዴት ነው የሚለየው፣ ፋብሪካ ማህተሙን የሚመታው ብረቱ ገና ሳይጠነክርና ቀለም ሳይገባ ነው። ስለዚ የመስመሩ ውስጥ ያለው ቀለምና ከመስመሩ ውጪ ያለው አንድ አይነት ያረጃል፣ ዳሩም በእጅ ብዛት ለስልሷል፣ ቦታ ቦታ ላይ በጣም ጠልቆ ቦታ ቦታ ላይ ስስ ነው ምክንያቱም ክብ ብረት ላይ ነው የተመታው። አሁን በኤሌክትሪክ ብዕር የተቀረፀ ግን መስመሩ ሁሉ እኩል ስፋት ነው፣ በአጉሊ መነፅር ስታዩት ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ ውስጡ ያበራል ወይ በአሲድ ጠቁሮ አካባቢው ግን አልጠቆረም። ጥፍራችሁን ሳቡበት፣ አዲስ ከሆነ ዳሩ ይቧጭራል።

የደበዘዘ ማህተም ለማንበብ ነጭ ጠመኔ ፍጩና በጣት ቀቡት፣ ከላይ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ነጭ ፊደሉን ያወጣላችኋል። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ያዙ። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

1935 የሚል ቁጥር አለው፣ ስለዚህ ከጣሊያን በኋላ የመጣ ነው?

ፋብሪካው የሚመታው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የፈረንጅ 1935 በኛ 1927 እና 1928 ላይ ነው የሚውለው፣ ማይጨው ደግሞ 1928 ነው። ስለዚ 1935 የሚለው ጠመንጃ ከወረራው በኋላ ሳይሆን ወረራው ዋዜማ ላይ የተሰራ ነው ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ብቻ "አባታችን አርበኛ እያለ የያዘው ሊሆን አይችልም" ብለው ለአመታት ሲከራከሩ አግኝቻቸዋለሁ፣ ሰባት ስምንት አመት ስቀንስላቸው እናትየው አለቀሱ። አራት አሃዝ ሁሉ አመት እንዳልሆነም እወቁ፣ ተከታታይ ቁጥሩም አራት አሃዝ ሊሆን ይችላል፣ አመት ብዙውን ጊዜ ለብቻው ቤቱ አናት ላይ ወይ ከፋብሪካው ስም ጋር ይቀመጣል፣ ያው ቁጥር ማቀባበያው ላይም ከተደገመ ግን አመት ሳይሆን የጠመንጃው ቁጥር ነው።

ቁጥሮቹ አንድ ካልሆኑ የጦር አይደለም ማለት ነው?

አይደለም፣ ማቀባበያው ተቀይሯል ማለት ብቻ ነው፣ ጦር ሜዳ ላይ ይቀያየራል። ግን ለመተኮስ ትልቅ ነገር ነው፣ ማቀባበያውና አፈሙዙ አብረው ካልተለኩ ጥይቱ ከኋላ ክፍተት አግኝቶ ቀለህ ሊቀደድ ይችላል።

እስኪ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ንገረን

እሺ፣ ይሄን በደንብ ልንገራችሁ ምክንያቱም ሁለቱም አይነት በአንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለነበሩ ነው። ከሞላሌ በኩል ሁለት ወንድማማቾች መጡ፣ አባታቸው አርፈው ሁለት ጠመንጃ ወርሰዋል፣ ሁለቱም ፈቃድ አላቸው። ታላቅየው ያማረውን ወስዷል፣ ታናሽየው የተቆራረጠውን። ታላቅየው "የኔ የጦሩ ነው ፅሁፉ ይናገራል፣ አያታችን ማይጨው የዘመቱበት ነው፣ የሱ የፈረንጅ አዳኝ ጥሎት የሄደ ነው" አለኝ፣ ታናሹም አንገቱን ደፍቶ "ጋሼ ያለው ነው" አለ፣ አምኖበታል።

ታላቅየው ጠመንጃ ላይ እውነትም "ዳርም ደ ጌር" የሚለው ፅሁፍ ጥርት ብሎ ይነበባል። እንጨቱ ዋልኑት ነው፣ መረቡ በሚያምር ሁኔታ ተቀርጿል። አፈሙዙ ላይ ጥፍሬን ሳብኩ፣ ከቤቱ እስከ ጫፍ ጠብ አላለም፣ ለስላሳ ነው። ማቀባበያውን ከፍቼ ግራ ግድግዳውን አየሁ፣ ግማሽ ጨረቃው የለም፣ ጆሮውም የለም፣ ሞረድም አልነካውም። ከዛ አፈሙዙን ገልብጬ ጠመኔ ቀባሁበት፣ ጎኑ ላይ "270 ዊንቸስተር" የሚል ወጣ። እዛ ላይ አለቀ፣ 270 ዊንቸስተር በ1925 እንደ ፈረንጅ አሜሪካኖች ለአደን ያወጡት ጥይት ነው፣ የትኛውም ጦር መደበኛ ጥይቱ አላደረገውም። ጎበዝ ጠመንጃ ነው፣ የአደን ጠመንጃ ነው፣ የግድግዳው ነገር ሲታይ ደግሞ ከማይጨው በኋላ የተሰራ ነው።

የታናሽየው አስቀያሚ ነው። እንጨቱ አጭር ነው፣ አንድ ሰው ጥቁር ቀለም ቀብቶታል፣ የኋላ ኢላማው የለም። ግን ጥፍሬ አፈሙዙ ላይ ጠብ አለ፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ጠብ አለ። ኢላማው የነበረበት ቦታ አፈሙዙን ዞሮ የከበበ የቲን ብየዳ ቅሪት አለ፣ የጦሩ ኢላማ እስከ 2000 ሜትር የተፃፈበት ሆኖ እጅጌ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እጅጌው ሲነቀል ብየዳው ይቀራል። ቀጭን የእንጨት ዘንግ ማቀባበያውን ዘግቼ በአፈሙዙ ጫፍ አስገባሁና ጫፉ ላይ በእርሳስ አመላክቼ በሜትር ለካሁ፣ 59 ሳንቲሜትር። ስለዚ እንጨቱ እንጂ አፈሙዙ አልተቆረጠም። ግማሽ ጨረቃው አለ፣ ጆሮው አንዱ ጎን ተሞርዷል። የእንጨቱ ጫፍ ላይ ቀለሙን በትንሹ ሳነሳው የመወልወያ ዘንጉ ቀዳዳ በቡሽ ተደፍኖ ተገኘ።

ከዛ ቤቱ አናት ላይ መጣሁ። መነፅር ለማሰር ሁለት ቀዳዳ ተበስቷል፣ አካባቢው ተሞርዷል፣ ለአይን ባዶ ነው። ጠመኔውን ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ የስልክ መብራት በጎን ያዝኩ። ከኋለኛው ቀዳዳ ዳር የኋላ እግርና ወደ ላይ የታጠፈ ጅራት ወጣ፣ የቀረውን መሰርሰሪያው በልቶታል። ታናሽየው ጎንበስ ብሎ አየና ምንም አላለም፣ ታላቅየው ነው "አንበሳው!" ብሎ የጮኸው። አያታቸው የዘመቱበት ጠመንጃ ይሄ ነው ብዬ መማል አልችልም፣ ብረት የሰው ስም አይናገርም። ግን ለዚህ አገር መንግስት ተብሎ የተሰራ የጦር ጠመንጃ መሆኑን በስድስት ምልክት አሳየኋቸው፣ አንበሳው ባይተርፍ ኖሮ እንኳ አምስቱ የጦር መሆኑን ለማወቅ ይበቁ ነበር።

ያንን ጠመንጃ የቆረጠው ሰው ክፉ አልነበረም፣ ከብዶት ነው፣ ሚዳቋ ለማደን ቀለል እንዲል። እኔን የሚቆጨኝ ቀዳዳው ነው፣ እንጨት እኔ መልሼ እሰራዋለሁ፣ የተበሳ አንበሳ ግን ማንም አይመልሰውም።

የጦር መሆኑን ካረጋገጥኩ መተኮስ እችላለሁ?

መለየትና መተኮስ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የቤልጅጉ የጦር ጥይት 7.92×57 ነው፣ በሌላ ስሙ 8 ሚሊሜትር ማውዘር። አደጋው ያለው የአደን ኮፒው ላይ ነው። በዚሁ ስም ሁለት ጥይት አለ፣ የድሮው "8×57 አይ" እና ከ1905 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ የመጣው "8×57 አይ ኤስ"። ቀለሃቸው ሲታይ አንድ ነው፣ እርሳሱ ግን የአይ ኤሱ በ0.13 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ጦሩ ወደ ወፍራሙ ሲዞር የጀርመን የአደን ጠመንጃ ሰሪዎች በቀጭኑ ብዙ አመት ቀጥለዋል። ወፍራሙን በቀጭኑ አፈሙዝ ብትተኩሱ ጥይቱ ይገባል፣ ማቀባበያውም ይዘጋል፣ ግፊቱ ግን ከሚገባው በላይ ይወጣል። አፈሙዙ ስር "ኤስ" የሚለውን ፊደል ካላያችሁ የአፈሙዙን ውስጥ የሚለካ ባለሙያ ሳያይ አትተኩሱ። 0.13 ሚሊሜትር በአይን አይታይም፣ ጥይት አፉ ላይ ሰክቶ "ልክ ነው" ማለትም መለኪያ አይደለም።

የአያቴ ውጅግራ ግን እንደ ወፍ ጠመንጃ ነው፣ ልሙጥ ነው። እሱስ?

ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ሞዴል 1874 ነው፣ ስሙም ከ"ፉዚ ግራ" የመጣ ነው፣ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ። ቤቱ ጎን ላይ "ማኑፋክቱር ዳርም ሴንት ኤትየን" እና "1874" የሚል ካለ የጦሩ ፋብሪካ ነው የሰራው። ግን ጦሩ ሲጥላቸው ነጋዴዎች ብዙዎቹን ውስጣቸውን አስፍተው የፍንጣሪ ጠመንጃ አርገው ሸጠዋቸዋል፣ ፅሁፉ ግን እንዳለ ነው። መለያው ቀላል ነው፣ ማቀባበያውን አውጥታችሁ ከኋላ ወደ ብርሃን እዩ፣ የጦሩ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ አለ፣ የተለወጠው እንደ ቧንቧ ልሙጥ ነው። ዝገት በጣም ከበላው ቦዩ ሊጠፋ ስለሚችል ጫፉ ላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ ፈልጉት።

ምልክት ፍለጋ ራሴ ልፈታው?

ማቀባበያውን ማውጣት ትችላላችሁ፣ የቤቱ ግራ ኋላ ላይ ያለውን ትንሽ መያዣ ወደ ውጪ ስባችሁ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ማውጣት ብቻ ነው። ከስር ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ግን በማይመጥን ካቻቢቴ አትንኩ፣ አፋቸው ከተበላ እኔም ላወጣቸው እቸገራለሁ፣ የጦሩ ላይ ዋናዎቹን እንዳይፈቱ የሚይዙ ትንንሽ ብሎኖች ጎናቸው አሉ፣ መጀመሪያ እነሱ ካልወጡ ዋናው አይዞርም፣ ሰው ይሄን ሳያውቅ እየታገለ ነው የሚሰብረው። እነዚህ ትንንሽ ብሎኖች ወይም ቦታቸው መኖሩም ራሱ ወደ ጦሩ የሚያደላ ምልክት ነው።

ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ብቻ። ነዳጅ ውስጥ አትንከሩት፣ እንጨቱን ቫርኒሽ አትቀቡት፣ ሰደፉ ጎን ላይ ያሉ ትንንሽ የተመቱ ፊደሎች ከቫርኒሽ ስር ከገቡ በኋላ ለማውጣት ስንት ቀን ነው የሚፈጀው። ፈቃዱ ላይ የተፃፈው ቁጥር ቤቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ደግሞ አሁኑኑ አይታችሁ አረጋግጡ፣ በ1177/2012 አዋጅ ፈቃድ ግዴታ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ማቀባበያው ላይ ያለውን ቁጥር አስመዝግቦ ኋላ ማቀባበያው ሲቀየር ወረቀቱና ብረቱ አልገናኝ ብሎ ሲንከራተት አይቻለሁ። ፎቶ ስትልኩልኝ አናቱን፣ ሁለቱን የቤቱ ጎኖች፣ ማቀባበያው ተከፍቶ ከላይ፣ አፈሙዙን ከነርዝመቱ፣ የእንጨቱን ጫፍ ፊት ለፊት አንሱልኝ፣ ተከታታይ ቁጥሩ ላይ ግን ጣታችሁን ጫኑበት።